ብርድ የመታው ፍሪጅ

እኔ በብርድ የታመመ ፍሪጅ አሙቄ ያዳንኩ ሰው ነኝ። አዎ፣ ፍሪጅ። ያ ነጩ፣ ባለ ሁለት በሩ፣ ሥራው ማቀዝቀዝ የሆነው። ብርድ ያዘው፣ ሥራ አቆመ፣ አሞቅኩት፣ ተነሳ። እንደማታምኑኝ አውቃለሁ። የገዛ ወንድሜ አላመነኝም። የሸጠልን ሱቅም አላመነኝም። ለሱቁ የጻፍኩትን መልእክት ያነበበ ሁሉ መጀመሪያ ይስቃል፣ ከዚያ ‹‹የት አገር ነው ይሄ?›› ይላል። ኢንጅባራ ነዋ! ሌላ የት ሊሆን ነው?

ከመነሻው ልንገራችሁ። እኔ የቀርከሃ ሠራተኛ ነኝ። ወንበር፣ አልጋ፣ መደርደሪያ፣ የሕፃን ማስተኛ፣ ያላችሁትን እሠራለሁ። ማንም አላስተማረኝም። አንድ የተሰበረ ወንበር ፈትቼ አየሁ፣ መልሼ ገጠምኩት፣ ከድሮው ይልቅ ጠነከረ፤ በቃ፣ ትምህርቴ ያ ነው። ባለቤቴ ደግሞ መንገድ ዳር ባለችው የፊት ክፍላችን ዓሣ ትሸጣለች። ጥብስ፣ ጉላሽ፣ ያገኘችውን። ዓሣው ከባሕር ዳር በሚኒባስ ነው የሚመጣው። በጾም ወራት ገበያዋ ይደራል። ‹‹ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም›› የሚለውን ክርክር ለቀሳውስቱ ትቼዋለሁ፤ የሚበላው ይገባል፣ የማይበላው ሽታውን ስቦ ያልፋል።

ችግሯ አንድ ነበር። ሚኒባሱ ዓሣ የሚያመጣው አልፎ አልፎ ነው። ብዙ ብትቀበል ይበላሽባታል፣ ትንሽ ብትቀበል ምሳ ሰዓት ላይ ያልቅባታል። ‹‹አለቀ›› የተባለ ደንበኛ ደግሞ ሌላ ቤት ሄዶ ይለምዳል። ስለዚህ ፍሪጅ ገዛን። መስቀል ባለፈ ሰሞን ዳንግላ ወርደን፣ ከአንድ የኤሌክትሮኒክስ ሱቅ፣ ከላይ በረዶ ቤት ከታች ተራ ማቀዝቀዣ ያለውን መረጥን። ባለሱቁ ጎልማሳ ልጅ ነው፣ ጨዋ፣ ፈገግታው አያልቅም። የዋስትና ወረቀቱን ማኅተም መታልን፣ የፍሪጁን ተከታታይ ቁጥር ጻፈልን፣ ከዚያ ምክሩን አስከተለ፦

‹‹ጋሼ፣ በአይሱዙ ሲጫን ይቁም እንጂ እንዳይተኛ። እንደደረሰም ቶሎ አይሰካ፣ ትንሽ ይረፍ። ፀሐይ እንዳይመታው። ምድጃ አጠገብ እንዳይሆን። ቀዝቃዛ ቦታ፣ ነፋስ የሚያገኝበት ቦታ አድርጉት፤ ያኔ ሞተሩ አይለፋም።››

ቀዝቃዛ ቦታ! ለኢንጅባራ ሰው ቀዝቃዛ ቦታ ፈልግ ማለት ለዓሣ ውኃ ፈልግ ማለት ነው። እኔ ከቤቱ ጀርባ የሠራኋት የቀርከሃ ክፍል አለችኝ፤ ሥራዬን የምሠራባት። ግድግዳዋ ቀርከሃ ብቻ ነው፣ ጭቃ አልተመረገም። ነፋስ በአንዱ በኩል ገብቶ በሌላው በኩል ሲወጣ ያፏጫል። ፀሐይ አታውቃትም፤ በላይዋ ባሕር ዛፍ አለ። ፍሪጁን እዚያ አቆምኩት። ጎረቤት ሁሉ መጥቶ አየና አመሰገነኝ። ‹‹እዚህስ ባይሰካም ያቀዘቅዛል›› አለ አንዱ። ሁላችንም ሳቅን። እኔማ ብልጠቴ ገርሞኝ ነበር፦ ብርዱ ግማሹን ሥራ ይሠራለታል፣ ሞተሩ ግማሹን፤ የመብራቱም ቆጣሪ ይተኛል።

ጥቅምት በሰላም አለፈ። ኅዳር ገባ፣ የነቢያት ጾም ተያዘ፣ ባለቤቴ በረዶ ቤቱን ዓሣ ሞላችው። የእኛን አገር የኅዳር ጠዋት የምታውቁ ታውቁታላችሁ፤ ሣሩ ነጭ ሆኖ ያድራል፣ ውሻ እንኳ ከመጮሁ በፊት ያስባል። ከነዚያ ጠዋቶች በአንዱ ባለቤቴ ከጀርባ ጠራችኝ።

‹‹አንተ ሰውዬ! ና እስቲ ይሄን ንካ!››

ነካሁት። ማታ ድንጋይ የነበረው ዓሣ ጣት ያስገባል። ከመሳቢያው ሥር ውኃ ተኝቷል። በሩን ስንከፍት መብራቱ ቦግ ይላል። ግን ሞተሩ ዝም። ጆሮዬን ጀርባው ላይ ለጥፌ አዳመጥኩ፤ የሬሳ ያህል ዝም።

‹‹መብራት ጠፍቶ ነበር?›› አልኳት።

‹‹አልጠፋም። የውጪው አምፖል ሲበራ ነው ያደረው።››

የሚገርመው እኩለ ቀን ላይ ነው። ቆሎ እየቆረጠምኩ ወንበር ስሠራ ፍሪጁ ከኋላዬ ‹‹ግርርር›› ብሎ ተነሳ። ብቻውን! ማንም ሳይነካው! እስከ ማታ ድረስ ዓሣው እንደገና ደረቀ። በማግሥቱ ጠዋት ደግሞ ሞቶ ተገኘ። ሌሊት ይሞታል፣ ቀን ይነሳል። እንዲህ ያለ ነገር በሕይወቴ አላየሁም፤ ብዙ ነገር ደግሞ አይቻለሁ።

ዓሣ ቀልጦ እንደገና ሲደርቅ፣ እንደገና ሲቀልጥ፣ ይበሰብሳል። ባለቤቴ የሸተተውን ለሰው አታቀርብም፤ ቀበረችው። አንዲት ደንበኛ ግን ከመቀበሩ በፊት በቀረበላት ሳህን ላይ አፍንጫዋን ሸብሽባ፣ ሳትበላ ሄደች። ባለቤቴ ያን ቀን ምሳ አልበላችም።

‹‹ይሄ ጾም የእኔ ገበያ ነው›› አለችኝ። ‹‹ዘንድሮ ‹የእሷ ዓሣ ይሸታል› ከተባለ፣ በሚቀጥለው ዓመት በሬን ማንም አይመታም። ወይ ይሠሩልኝ፣ ወይ ይቀይሩልኝ፣ ወይ ቤቱን እዘጋለሁ።››

ቀልድ አልነበረም። እኔም ቀልዴን ለጊዜው አስቀመጥኩና ስልኬን አነሳሁ። ሱቁ ቴሌግራም አለው። እኔ የጻፍኩት የመጀመሪያው መልእክት ‹‹ለተከበራችሁ፣ ለተወደዳችሁ፣ ቃላችሁን ለምትጠብቁ›› ብሎ ይጀምርና ወደ አያቶቼ ታሪክ ይገባ ነበር። ባለቤቴ ትከሻዬ ላይ ቆማ አነበበችና፦

‹‹ይሄ ሁሉ ምንድን ነው? ልጃቸውን ለትዳር እየጠየቅህ ነው? መቼ እንደገዛን ጻፍ። ቁጥሩን ጻፍ። ምን እንደሆነ ጻፍ። ምን እንደምንፈልግ ጻፍ። በቃ።››

ስለዚህ እንዲህ ሆነ፦ ‹‹ሰላም። መስከረም መጨረሻ ላይ ከእናንተ የገዛነው ባለ ሁለት በር ፍሪጅ ሌሊት ሌሊት ሞተሩ አይነሳም። የውስጥ መብራቱ ይበራል። ጠዋት በረዶ ቤቱ ቀልጦ ይገኛል፣ ቀን ደግሞ ራሱ ይሠራል። የዋስትና ወረቀቱን፣ የጀርባውን ቁጥርና የቀለጠውን ዓሣ ፎቶ ልከናል። ዋስትናው ገና አላለቀም። ባለሙያ ላኩልን፣ ካልተሠራ ይቀየርልን።›› መጨረሻው ላይ ‹‹ዓሣው ያለቅሳል›› ብዬ ጨምሬ ነበር፤ እሷ ሳታይ።

ኔትወርኩ መጣ ሄደ፣ መልእክቱ ከሰዓት በኋላ ገባ። መልሱ ቶሎ መጣ፦ ‹‹ጋሼ ስታብላይዘር አለው?›› አለው አልኩ፤ ፎቶ ላክሁ። ‹‹የቅዝቃዜ ማስተካከያው ስንት ላይ ነው?›› እኔ ለቁጠባ ብዬ ትንሹ ቁጥር ላይ አድርጌው ነበር። ‹‹ከፍ አድርጉት። ማንም እንዳይፈታው! ከተፈታ ዋስትናው ይቀራል።›› ይሄ የመጨረሻው ለእኔ የተላከ ነው። ባለሱቁ ገና ስንገዛ ጣቶቼ ወደ ብሎኑ ሲሄዱ አይቷቸው ነበር። እውነቱን ለመናገር፣ ጀርባውን ከፍቼ ለማየት እጄ ይበላኝ ነበር። ባለቤቴ ካቻቪቴዎቼን ሁሉ ሰብስባ ደበቀች። የት እንደደበቀች እስከ ዛሬ አልነገረችኝም፤ አንዱን ዱቄት ውስጥ አግኝቼዋለሁ።

ከፍ አደረግነው። ጠዋት ዓሣው ለስላሳ ነው።

የሱቁ ቴክኒሻን መጣ። ከዳንግላ ተነስቶ ሲደርስ ፀሐይ አናት ላይ ነበረች። ፍሪጁ እንደ ሙሽራ ቀጥ ብሎ እየሠራ ጠበቀው። ቴክኒሻኑ ኃይሉን ለካ፣ ሞተሩን ዳሰሰ፣ የበሩን ላስቲክ በወረቀት ሞከረ፤ ወረቀቱን በበሩ መሃል አስገብቶ ሲስበው አጥብቆ ያዘው።

‹‹ጋሼ፣ ይሄ ፍሪጅ በጤና ከእኔም ከእርስዎም ይሻላል።››

‹‹ጠዋት ና›› አልኩት።

‹‹ጠዋት ምን ይሆናል?››

‹‹ይሞታል።››

ሳቀ። በነገራችን ላይ ይሄ የእኔ ዕዳ ነው፤ እኔ እውነት ስናገርም ሰው ይስቃል። ከተማው ሙሉ በቀልዴ ነው የሚያውቀኝ፣ ቀልደኛ ሰው ደግሞ ‹‹እሳት!›› ብሎ ቢጮህ ‹‹ቀጥል›› ነው የሚሉት።

እንደገና ጻፍን፤ አሁን በቪዲዮ። ባለቤቴ በጣቷ ዓሣውን ስትጫነው፣ ውኃው ሲንጠባጠብ። ባለሱቁ ጨዋ ነው ብያችኋለሁ፤ መኪና ላከና ፍሪጁን ወደ ዳንግላ ወሰደው። ‹‹እኛ ጋ ይታይ›› አለ። እዚያ ቀንም ሌሊትም ሰካው። የውኃ ጠርሙስ በረዶ ቤቱ ውስጥ ከተተ። በየጠዋቱ ፎቶ ይልክልናል፦ ጠርሙሱ ድንጋይ። በማግሥቱ፦ ጠርሙሱ ድንጋይ። ከዚያ መለሰልን። እኛ ጋ በደረሰ በመጀመሪያው ጠዋት፦ ዓሣው ቅቤ።

አስቡት እስቲ። ዳንግላ ጤነኛ፣ ኢንጅባራ በሽተኛ። እኔ መጀመሪያ ያሰብኩት መንገዱን ነው፤ ምናልባት ሲጓጓዝ አንድ ነገር ይላቀቅና ሲመለስ ይገጥማል። ከዚያ የመብራት መስመሩን ጠረጠርኩ። ጎረቤቶች ደግሞ ዓይን ነው አሉ። ‹‹ሁላችሁም መጥታችሁ አይታችሁታል፣ የማን ዓይን እንደሆነ ልንገራችሁ?›› ስላቸው ሹልክ ሹልክ አሉ።

ባለሱቁ ደወለ። ድምፁ እንደ ድሮው አይደለም።

‹‹ጋሼ፣ ልቆጣ ብዬ አይደለም። ፍሪጁ ምንም የለበትም። ሌሊት ለመቆጠብ ትነቅሉታላችሁ እንዴ? ብዙ ሰው ያደርገዋል። እንደሱ ከሆነ ዋስትናው አይመለከተውም፤ እኔም ለአስመጪው ምን ብዬ ልመልስለት?››

ባለቤቴ በስፒከር ትሰማ ነበር። ፊቷ ጠቆረ። ‹‹ነቃይ አለኝ!›› አለች። ‹‹ዓሣዬን በገዛ እጄ የማበላሽ እብድ አደረገኝ!›› ዓሣ መቀበሏንም አቆመች። በጾም መሃል፣ በገበያዋ መሃል፣ ሽሮ ብቻ መሥራት ጀመረች። ‹‹ዓሣ የለም?›› እያሉ የሚመለሱትን ከሥራ ክፍሌ ሆኜ እሰማለሁ። አንድ ባለሚኒባስ ‹‹ዘጋሽ እንዴ?›› ሲላት የሰጠችውን መልስ አልሰማሁም፤ ዝም አለች መሰለኝ። እኔ እሷን ዝም ስትል አላውቃትም፤ ስትጮህብኝ ነው ደህና መሆኗን የማውቀው።

እንግዲህ መፍትሔው የመጣው በጫጩት በኩል ነው። ይሄንንም ላታምኑ ትችላላችሁ።

አጥራችን ጥግ የሚኖሩ አንድ ሽማግሌ ጎረቤት አሉን። ከገጠር የመጡ የአገው አባት ናቸው፤ ከእኔ ጋር በአማርኛ ይጨዋወታሉ፣ ከዶሮዎቻቸው ጋር በአውኝ። አንድ ቀን ካርቶን ታቅፈው መጡ፤ ውስጡ ጭውጭው ይላል። ቤታቸው ያለው መስመር ተቋርጦ ኖሯል፣ ጫጩቶቹን የሚያሞቁበት አምፖል አይበራም።

‹‹ልጄ፣ ብርዱ ሊፈጅብኝ ነው። መብራቱ እስኪቀጠልልኝ ድረስ አንድ ጥግ ስጠኝ።››

‹‹አባባ፣ ግቡ። ያው ክፍሌ እንደሚያዩት ነው፣ ከውጭ የሚለየው ጣሪያው ብቻ ነው።››

‹‹ሸራ አለህ?›› አሉኝ።

ሸራ ነበረኝ። በጥጉ ዙሪያ እንደ ድንኳን ሰቀልንላቸው። ጥጉ ላይ ግን ፍሪጁ ቆሟል፤ ከባድ ስለሆነ ማን ያነሳዋል? እሱም ድንኳኑ ውስጥ ቀረ። ካርቶኑን ከሥሩ አስቀመጥን፣ ያን የድሮውን፣ የሚፋጅ አምፖል በላዩ አንጠለጠልን። ጫጩቶቹ ጸጥ አሉ። ሽማግሌው በአውኝ መርቀዋቸው ሄዱ።

ፍሪጁ እንደተሰካ ነበር፤ ለሱቁ ይመለስ አይመለስ ሳንወስን ነው የተውነው። ውስጡ አንድ የቀረ የዓሣ ቁራጭ ነበር፣ ለባለሱቁ ማስረጃ ብዬ ያስቀመጥኩት። ጠዋት ጫጩቶቹን ላይ ብዬ ሸራውን ስገልጥ ‹‹ግርርር››። ጠዋት! በዚያ ብርድ! በሩን ከፍቼ ዓሣውን አነሳሁ። ድንጋይ። ፍሪጁ ላይ አንኳኳሁበት፤ ቋ ቋ አለ። ሮጬ ለባለቤቴ ወሰድኩላት።

‹‹ምን አደረግኸው?›› አለች።

‹‹እኔ ምንም። ጫጩቶቹ ናቸው።››

‹‹እንግዲህ ጀመርክ!››

ግን እሷም መጥታ አየች። ለረጅም ጊዜ አምፖሉን፣ ፍሪጁን፣ አምፖሉን፣ ፍሪጁን አየች። ከዚያ ቀስ ብላ፦ ‹‹ዛሬ ማታ ጫጩቶቹን ቤት አስገባቸው፣ ሸራውንም አንሳው›› አለችኝ። አነሳሁት። ጠዋት ዓሣው ለስላሳ፣ ሞተሩ ሬሳ። በማግሥቱ መልሰን ሸራውን ሰቀልን፣ አምፖሉን አበራን። ድንጋይ። ፍሪጁ ፊት ቆሜ ለራሴ ‹‹አንተ ሰው፣ አንተ እኮ ሊቅ ነህ›› አልኩ። ባለቤቴ ግን ‹‹ሸራውን ማን አንሳው አለህ?›› ትላለች፤ ያንን ለእሷ ትቼላታለሁ፣ ለጋስ ነኝ።

አሁን ‹‹ለምን?›› የሚለው ቀረ። እንቅልፍ ነሳኝ። ሌት ተቀን ስለ እሱ ብቻ ነው የማወራው። ገበያ ላይ፣ ለቅሶ ላይ ሳይቀር ሰው ሳስቆም፦ ‹‹ለመሆኑ ፍሪጅ መሥራት ያለበት መቼ እንደሆነ በምን ያውቃል?›› እላለሁ። ሰው ይሸሸኛል። ራሴ ነኝ ያሰብኩት፦ ይሄ ነገር የሚሞቀውን የሚያዳምጥ ጆሮ ሊኖረው ይገባል። ሲሞቅ ይሰማል፣ ይነሳል፤ ሲቀዘቅዝ ይተኛል። ታዲያ ጆሮው ብርድ ቢመታው? ሌሊቱን ሙሉ ‹‹በቂ ነው፣ ቀዝቅዟል›› እያለ ይተኛል!

ጻፍኩለት ለባለሱቁ፦ ‹‹በሽታውን አግኝቼዋለሁ። ፍሪጁን ብርድ መትቶታል። በጫጩት አምፖል ስናሞቀው ይሠራል፣ ስናነሳበት ይቆማል። ደጋግመን አይተናል። ና እና ጠዋት እይ።››

መልስ መጣ፤ ሳቅ በሳቅ የሆነ የፊት ምስል ብቻ። ከዚያ፦ ‹‹ጋሼ የዛሬዋ በጣም ትለያለች 😂 ለጓደኞቼ ላክኋት።›› ለጓደኞቹ! ዳንግላ ሙሉ ስቆብኛል ማለት ነው። መልሼ በቁም ነገር ጻፍኩ፤ በቁም ነገር በጻፍኩ ቁጥር የበለጠ ይስቃል።

ባለቤቴ ስልኩን ከእጄ ነጠቀችና በድምፅ ላከችለት። ቃሏን እንዳለ አስታውሰዋለሁ፦

‹‹ወንድሜ፣ እሱ ይቀልዳል፣ እኔ አልቀልድም። ዓሣ ቤቴ ተዘግቷል። ነቃይ አልከኝ፣ ችዬ ዝም አልኩ። አሁን አንድ ጠዋት ብቻ ናልኝ። በዓይንህ ካላየህ ሁለተኛ አንጽፍልህም፤ ለሰው ግን እንነግራለን።››

መልሱ ‹‹እሺ እናቴ፣ እመጣለሁ›› ሆነ። ምስሉ ቀረ።

ከቴክኒሻኑ ጋር መጣ። ጠዋት እይ ስላልነው በመጀመሪያው ሚኒባስ ነው የደረሰው፤ ሣሩ ገና ነጭ ነበር። ከዳንግላ ባመጣት ስስ ጃኬት ነበር የወረደው። ክፍሌ ውስጥ ሲገባ ጥርሱ ይንገጫገጫል።

‹‹ጋሼ፣ እዚህ ነው የምትሠሩት? በሕይወት ነው ያላችሁት?››

‹‹ፍሪጁም እንደሱ እያለ ነው›› አልኩት።

ያን ሌሊት ሸራውንም አምፖሉንም አንስተን ነበር። ዓሣውን ነካው፤ ጣቱ ገባ። መብራቱ ይበራል፣ መስመሩ ደህና ነው፣ ሞተሩ ዝም ነው። ቴክኒሻኑ የሙቀት መለኪያ አወጣ። ክፍሉ አራት ዲግሪ። የታችኛውን በር ከፍቶ ለካ፤ እዚያም ልክ እንደ ክፍሉ ነው። ከዚያ እየተጎነበሰ የታችኛውን ክፍል ግድግዳ አሳየኝ።

‹‹መቆጣጠሪያው እዚህ ነው ያለው፣ ታች። ላይኛው የራሱ የለውም። ታችኛው ሲሞቅ ሞተሩ ይነሳና ሁለቱንም ያቀዘቅዛል። ታችኛው ከውጪ ብርድ የተነሳ ቀዝቅዞ ካደረ ግን ሞተሩ የሚነሳበት ምክንያት የለም። ላይኛው ደግሞ ከውጪው ጋር እኩል እስኪሆን ይቀልጣል።››

‹‹ጆሮው ታች ነው!›› አልኩ። ‹‹ጆሮ አለው አላልኩም? ሰው ሁሉ የሸሸኝ በዚህ ነው!››

ቴክኒሻኑ ወደ ጀርባው ዞረና በተለጠፈው ወረቀት ላይ በስልኩ መብራት ፈለገ። አንድ የላቲን ፊደል አገኘ። ከፍሪጁ ጋር የመጣውን፣ ማናችንም ያልገለጥነውን ትንሽ መጽሐፍ አስመጣና ፊደሏን ፈለገ። ለሞቃት አገር የተሠራ ነው፤ ከአሥራ ስድስት ዲግሪ በታች በሆነ ቦታ በደንብ ላይሠራ ይችላል፣ ይላል።

አንድ ሰው ብቻ ፈገግ አለ፤ እኔ።

ባለሱቁ መጽሐፉን ዘጋው። ‹‹እንግዲህ እናቴ›› አለ ቀስ ብሎ፣ ‹‹ጥሩ ዜና አይደለም። የፋብሪካ ችግር አይደለም። ከተጻፈው ውጪ ከተቀመጠ ዋስትናው…››

‹‹እኔ የተጻፈውን አላነበብኩም›› አለች ባለቤቴ። ‹‹አፍህን ነው ያነበብኩት። ‹ቀዝቃዛ ቦታ፣ ነፋስ የሚያገኝበት› ያልከን አንተ ነህ። እዚህ ያቆመው ባሌ ነው፣ የመከርከው አንተ ነህ። ከየት እንደመጣን ጠይቀኸን ነበር፤ ‹ከኢንጅባራ› ስንልህ ‹ብርዱ እንዴት ነው?› ብለህ ስቀሃል።››

ልጁ ቀይ ሆነ። ከብርዱ ነው እንዳልል ከዚያ በፊት ሰማያዊ ነበር። ‹‹ብያለሁ›› አለ። ‹‹እውነት ነው፣ ለሁሉም ሰው እንደሱ ነው የምለው።›› ትንሽ አሰበ። ‹‹ብቀይርላችሁ ያው ዓይነት ነው የምሰጣችሁ፣ እዚህ ክፍል ውስጥ ያው ነው የሚሆነው። እስቲ ሌላ ክፍል አሳዩኝ።››

ያለን ሌላ ክፍል የፊቱ ነው፣ ዓሣ የሚጠበስበት፣ ሰው የሚበላበት። ምድጃው ቀኑን ሙሉ ስለሚነድ ሌሊትም ሙቀቱ ከጭቃው ግድግዳ አይወጣም። ቴክኒሻኑ ለካ። ‹‹ይሆናል›› አለ፤ ‹‹ግን ከምድጃው በጣም ራቅ ብሎ፣ ያ ጥግ ጋ።››

ያ ጥግ ጋ የእኔ ጠረጴዛ ነው። እየበላሁ ለሰው የማወራበት፣ ደንበኛ የማስቅበት፣ ከተማው ውስጥ ካሉት ሁሉ ሞቃቱ ጠረጴዛ። ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። እኔም ጠረጴዛዬን ተሸከምኩና ወጣሁ።

ፍሪጁን አራት ሆነን ቀጥ አድርገን አስገባነው። ባለሱቁ አልሄደም፤ እስከ ማግሥቱ ማረፊያ ይዞ አደረ። ጠዋት ገና በሩን ሳንከፍት መጣ፣ ማታ በረዶ ቤቱ ያስገባውን የውኃ ጠርሙስ ራሱ አወጣው። ድንጋይ። ከዚያ ቦርሳውን ከፈተ፣ አዲስ የዋስትና ወረቀት አወጣ፣ የፍሪጁን ቁጥር ጻፈና ማኅተም መታበት።

‹‹ዋስትናው ከዛሬ ይጀምራል›› አለ። ‹‹ያለፈው አይቆጠር። ነቃይ ስላልኳችሁም ይቅርታ።›› ባለቤቴ ወረቀቱን ተቀበለች። ‹‹ቁጭ በል›› አለችው። ‹‹ዓሣ የለም፣ ሽሮ አለ።››

ዓሣው የመጣው ከዚያ በኋላ ባለው ሚኒባስ ነው። ደንበኛ በቀላሉ አልተመለሰም፤ ‹‹እንዴ፣ ያ የሚሸተው?›› የሚል ነበር። ባለቤቴ አንዲትም ቃል አልመለሰችም። በረዶ ቤቱን ሰው ሁሉ ፊት ትከፍታለች፣ ዓሣውን ታወጣና የደንበኛው ጠረጴዛ ላይ ታንኳኳዋለች። ቋ! ቋ! ከዚያ ነው የምትጠብሰው። ሰው ያንን ለማየት መምጣት ጀመረ። ጾሙ ከማለቁ በፊት ወንበር አነሰና ከእኔ አዳዲስ ወንበር ታዘዘ፤ የሚቀመጥባቸውም ሰው አልጠፋም።

ዳንግላ ያለው ልጅ አሁን ፍሪጅ ሲሸጥ ከዋጋው በፊት ‹‹የት ነው የምታስቀምጡት? ክፍሉ ይሞቃል?›› ብሎ ይጠይቃል አሉ። እንደኛው ብርድ ካለባት ከአዲስ ቅዳም ከተማ ሰው ሲመጣበት ደግሞ ወንበር ስቦ ያስቀምጠዋል፣ ነገሩ ረጅም ስለሆነ።

እንግዲህ የማያምን ካለ መንገዱ ክፍት ነው። ዳንግላ ውረዱና በኅዳር ጠዋት በስስ ጃኬት ኢንጅባራ የመጣው ባለሱቅ ማን እንደሆነ ጠይቁ፤ አሁንም ሲነግራችሁ ጥርሱ ይንገጫገጫል። ቴክኒሻኑን ስለ አራት ዲግሪ ጠይቁት። ሽማግሌውን ጎረቤቴን ጠይቋቸው፣ ጫጩቶቹ ዛሬ እንቁላል እየጣሉ ነው፤ እሳቸው ግን ምስጋናውን ሁሉ ለዶሮዎቹ ነው የሚሰጡት፣ ይሄን እንኳ አትመኗቸው። ባለቤቴን መጠየቅ የሚፈልግ በጾም ይምጣና አንድ ጠረጴዛ ይያዝ። እሷ አትከራከርም፤ ዓሣ ነው የምታንኳኳባችሁ።